ባዶው ዝርዝር ለማን ይነገር?

በአዲስ አበባ 12 መደብሮች ያሉት አንድ የመድኃኒት አከፋፋይ ድርጅት አለ እንበል። መደብሮቹ ቀኑን ሙሉ የሸጡት ሁሉ ሌሊት ላይ ወደ ዋናው ዳታቤዝ ይገባል። ከዚያ በኋላ ሌላ ፕሮግራም ይነሳና የእያንዳንዱን መደብር ሽያጭ ከቀረው ክምችት ጋር ያስተያያል፤ ከዝቅተኛው መጠን በታች የወረዱትን መድኃኒቶች ብቻ መርጦም በአንድ ፋይል ያሰፍራል። ባለሙያዎች እንዲህ ያለውን ሥራ የሌሊት ኤክስትራክት ይሉታል። የመጋዘን ኃላፊዋ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ፋይሉን ይከፍታሉ፤ ለቦሌው መደብር ይህን ያህል ኢንሱሊን፣ ለመርካቶው ይህን ያህል አሞክሲሲሊን እያሉ መኪናውን ያስጭናሉ።

አንድ ረቡዕ ጠዋት ፋይሉ ሲከፈት ከላይ የዓምዶቹ ስም አለ፤ ከሥሩ ግን አንድም ረድፍ የለም። የስህተት መልእክት አልመጣም። በኮምፒውተር ክፍሉ የመከታተያ ገጽ ላይ የሌሊቱ ሥራዎች ሁሉ አረንጓዴ ናቸው። ኃላፊዋ ከዚህ ሊረዱ የሚችሉት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ዛሬ የጎደለ መድኃኒት የለም። መደብሮቹ በበዓል ዝግ ሲውሉ በማግስቱ ባዶ ዝርዝር እንደሚመጣ ከዚህ በፊትም አይተዋል። ስለዚህ መኪናው አይጫንም። ሐሙስም እንዲሁ ይሆናል። ዓርብ ረፋድ ላይ ከአንዱ መደብር ስልክ ይደወላል፤ ኢንሱሊን አልቋል፣ ሊገዙ የመጡ ሕመምተኞችም ባዶ እጃቸውን ተመልሰዋል።

ድርጅቱ ለምሳሌ የቀረበ ነው፤ የሚደርስበት ነገር ግን የሌሊት ሥራ ባለበት ቢሮ ሁሉ የሚደርስ ነው። ፕሮግራም ሲሰበር ድምፅ ያሰማል፤ ሰው ይጠራል፤ ይጠገናል። ምንም ሳያገኝ ተመልሶ “ጨርሻለሁ” ያለውን ግን ማንም አይጠይቀውም። እዚህ ላይ ሁለት ነገር መለየት አለበት። የመጀመሪያው ባዶው እውነተኛ ባዶ መሆን አለመሆኑ ነው። ሁለተኛው፣ እውነተኛ ካልሆነ ለማንና በስንት ሰዓት እንደሚነገር ነው። አብዛኛው ቢሮ በመጀመሪያው ላይ ይደክማል፤ ሁለተኛውን ግን ፕሮግራሙን ለጻፈው ልጅ ኢሜይል በመላክ ያልፈዋል። እኔ እንደማምነው ከባዱም፣ ጉዳት የሚያደርሰውም ሁለተኛው ነው።

ለምን ዝም ይላል?

ለዳታቤዝ ዜሮ ትክክለኛ መልስ ነው። “ከ5 ፍሬ በታች የቀረው መድኃኒት የትኛው ነው?” ተብሎ ሲጠየቅ “አንድም የለም” ማለት ይችላል፤ ይህን በማለቱም አልተሳሳተም። በኤስኪውኤል መስፈርት ውስጥ ምንም መረጃ አለመገኘቱ የራሱ መለያ ቁጥር አለው፤ 02000 ይባላል። ነገር ግን ከስህተቶች ወገን አይቆጠርም። ኩዌሪውን ያስኬደው ፕሮግራምም ሥራውን ሲጨርስ ለሰርቨሩ 0 የሚል የመውጫ ቁጥር ይሰጣል፤ ትርጉሙም “በሰላም ጨርሻለሁ” ነው። ሥራዎችን በሰዓታቸው የሚቀሰቅሰው ክሮን ደግሞ በልማዱ ኢሜይል የሚልከው ያስነሳው ፕሮግራም የሆነ ነገር ከጻፈ ብቻ ነው። ምንም ካልጻፈ ምንም አይልክም። ሌሊቱን ዞሮ “ሰላም ነው” የሚል ዘበኛና ተኝቶ ያደረ ዘበኛ ጠዋት ላይ የሚሰጡት ሪፖርት አንድ ዓይነት ነው።

ይህን ለመከላከል በየቢሮው የሚደረጉት ቀላል ፍተሻዎችም ባዶውን አሳልፈው ይሰጣሉ። “ፋይሉ አለ ወይ?” ተብሎ ቢፈተሽ አለ። “ባዶ አይደለም ወይ?” ቢባል የዓምዶቹ ስም የተጻፈበት የመጀመሪያ መስመር አለበት፤ በእኛ ምሳሌ ይህ መስመር 42 ባይት ይመዝናል።

```
branch_id,item_code,item_name,qty_to_send
```

“ኩዌሪው ረድፍ መልሷል ወይ?” ብሎ የሚጠይቅ ፍተሻ ደግሞ ኩዌሪው `count(*)` ከሆነ ይታለላል። መቁጠሪያው ዜሮ ቢያገኝም ዜሮ የሚል ቁጥር የያዘ አንድ ረድፍ ይመልሳልና። ከሁሉ የሚያሳስቱት የጥራት ፍተሻ የሚባሉት ናቸው። የመድኃኒት ኮድ የጎደለው ረድፍ አለ? የለም። ሁለት ጊዜ የተደገመ አለ? የለም። መጠኑ ከዜሮ በታች የሆነ አለ? የለም። ባዶ ሰንጠረዥ እነዚህን ሁሉ ያለ አንድ እንከን ያልፋል፤ እንከን የሚገኝበት ረድፍ የለውምና።

የሦስት ሰዓት ልዩነት

በምሳሌያችን የሆነው ይህ ነው። የመደብሮቹን ሽያጭ ወደ ዋናው ዳታቤዝ የሚያስገባው ፕሮግራም ከሌሊቱ 7 ሰዓት ላይ ይነሳ ነበር። ዝርዝሩን የሚያወጣው ደግሞ 8 ሰዓት ላይ። አስገቢው ሥራውን ለመጨረስ 10 ደቂቃ ስለማይሞላው አንድ ሰዓት ሰፊ ጊዜ ነበር። ማክሰኞ ማታ አስገቢው ወደ አዲስ ሰርቨር ተዛወረ። ያዛወረው ባለሙያ የክሮኑን መስመር አንድ ፊደል ሳይለውጥ ገለበጠው፦

```
0 1 * * *  /opt/jobs/load_sales.sh
```

መስመሩ “በየቀኑ 1:00 ላይ አስነሳ” ይላል። አሮጌው ሰርቨር በኢትዮጵያ ሰዓት የተቃኘ ስለነበር 1:00 ማለት ከሌሊቱ 7 ሰዓት ነበር። አዲሱ ግን እንደ ብዙዎቹ የኪራይ ሰርቨሮች በዓለም አቀፉ ሰዓት ይሠራል፤ ያ ደግሞ ከእኛ በ3 ሰዓት ወደ ኋላ የቀረ ነው። የእሱ 1:00 ለእኛ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ይሆናል። ዝርዝር አውጪው ግን በቦታው ስለቀረ በ8 ሰዓት ተነስቶ የትናንቱን ሽያጭ ይፈልጋል። ሽያጩ ገና አልገባም። ስለዚህ “የለም” ብሎ ይዘጋል። ከሁለት ሰዓት በኋላ ሽያጩ ሙሉ በሙሉ ይገባል፤ የሚያየው ግን የለም። በማግስቱ ሌሊት ደግሞ የሚፈለገው የአዲሱ ቀን ሽያጭ ነውና ያው ይደገማል።

ሁለቱም ፕሮግራሞች በየራሳቸው ትክክል ናቸው። ነገሩን የሚያወሳስበው ጠዋት ላይ የሚሆነው ነው። ኃላፊዋ ቢጠራጠሩና ቢደውሉ፣ የኮምፒውተር ባለሙያው 3 ሰዓት ላይ ያንኑ ኩዌሪ በእጁ ያስኬደዋል፤ 37 ረድፍ ይመጣለታል። “እኔ ጋ ይሠራል” ይላል። እውነቱን ነው፤ በዚያ ሰዓት ይሠራል። ይህን የሚፈታው አንድ ማስረጃ ብቻ ነው፤ እያንዳንዱ የሽያጭ ረድፍ ወደ ዳታቤዙ የገባበት ሰዓት። ያ ሰዓት ከተመዘገበ ሽያጩ የገባው 10 ሰዓት ከ6 ደቂቃ ላይ መሆኑ፣ ዝርዝሩ ግን በ8 ሰዓት የወጣ መሆኑ በአንድ ዓይን ይታያል። ካልተመዘገበ ግን ሁለት ባለሙያዎች ሳምንት ሊከራከሩበት ይችላሉ።

ጥገናውም ሰዓቱን ማስተካከል ብቻ አይደለም። ዝርዝር አውጪው ሰዓት ማየቱን ትቶ፣ አስገቢው “የዚህን ቀን ሽያጭ ጨርሻለሁ” ብሎ የሚያስቀምጠውን ምልክት እንዲጠብቅ መደረግ አለበት። ምልክቱ ከሌለ አይነሳም፤ አለመነሳቱም ስህተት ተብሎ ይመዘገባል። ዝምታው ወደሚሰማ ስህተት ተለወጠ ማለት ነው።

ሌላም ምክንያት ልጨምር፤ ከዚህኛውም ይበልጥ ድብቅ ነው። ፖስትግሬስ በተባለው ዳታቤዝ ላይ አንድን ሰንጠረዥ ረድፍ በረድፍ መጠበቅ ይቻላል፤ ማን የትኛውን ረድፍ ማየት እንደሚችል ደንብ ይጻፋል። ጥበቃው በርቶ ደንቡ ሳይጻፍ ከቀረ ማንኛውም ተራ ተጠቃሚ የሚያየው ዜሮ ረድፍ ነው። ሰንጠረዡን ለማየት ጨርሶ ፈቃድ የሌለው ሰው “ተከልክለሃል” የሚል ስህተት ይደርሰዋል፤ ይህኛው ግን አይደርሰውም። የሰንጠረዡ ባለቤትና የዳታቤዙ ዋና አስተዳዳሪ በልማዱ ጥበቃው ስለማይመለከታቸው ሁሉንም ያያሉ። እንግዲህ የሌሊቱ ፕሮግራም በራሱ ተራ መለያ ገብቶ ባዶ ሲያገኝ፣ አስተዳዳሪው በራሱ መለያ ገብቶ ሁሉን ያያል፤ እንደገና “እኔ ጋ ይሠራል” ይመጣል። ለዚህ ፖስትግሬስ ራሱ መላ አበጅቷል። ኤክስትራክቱ ሥራውን ሲጀምር

```sql
SET row_security = off;
```

የሚል መስመር ቢያስቀድም ጥበቃው አይፈርስም፤ ነገር ግን ኩዌሪው የሚደበቅበት ረድፍ ሊኖር ሲል ባዶ በመመለስ ፈንታ ስህተት ያወጣል። የዳታቤዙ ቅጂ ማውጫ የሆነው `pg_dump` በልማዱ ይህንኑ ነው የሚያደርገው፤ የጎደለ ቅጂ ከሚያወጣ ጨርሶ አለማውጣትን ይመርጣል።

ዜሮውን ከምን ጋር እናስተያየው?

“ዜሮ ከመጣ አስጠንቅቅ” የሚለው ደንብ ቀላል ነው፤ ብዙ ዕድሜ ግን የለውም። በበዓል ማግስት ይጮኻል። በእውነት የጎደለ ነገር በሌለበት ቀንም ይጮኻል። ከጥቂት ጊዜ በኋላ የሚሰማው ሰው ስልኩን ገልብጦ መተኛት ይለምዳል። ማስጠንቀቂያ ከዚያ በኋላ ቢኖርም ባይኖርም ያው ነው።

የሚሻለው የውጤቱን ቁጥር ብቻ ሳይሆን ውጤቱ የተገኘበትን ጥሬ መረጃ መቁጠር ነው። ዝርዝሩ ዜሮ ነው፤ እሺ፣ ከስንት ሽያጭ ውስጥ ተፈልጎ? ከስንት መደብር? ኤክስትራክቱ እንዳበቃ ይህች አጭር ኩዌሪ ትከተላለች፦

```sql
SELECT count(*)                  AS sales_rows,
       count(DISTINCT branch_id) AS branches,
       max(loaded_at)            AS last_load
FROM   daily_sales
WHERE  sale_date = :'run_date';
```

መልሷ ነገሩን ከሦስት ይከፍለዋል። ሽያጩ ራሱ ዜሮ ከሆነ ዝርዝሩ ባዶ የሆነው የሚፈለግበት ነገር ስላልገባ ነው፤ ያ ዝርዝር ሐሰተኛ ነው። ሽያጭ ገብቶ ከ12ቱ መደብሮች የ9ኙ ብቻ ከሆነ፣ መብራት ወይም ኢንተርኔት ጠፍቶባቸው ያልላኩ ሦስት መደብሮች አሉ፤ ዝርዝሩ ባዶ ባይሆን እንኳ ጎደሎ ነው። የ12ቱም መደብር ሽያጭ በተለመደው ብዛት ገብቶ ዝርዝሩ ዜሮ ከሆነ ግን እውነተኛ ባዶ ሊሆን ይችላል፤ ይህን ማረጋገጥ የሚችለው የሙያው ሰው ነው።

የተለመደው ብዛት ስንት ነው ለሚለው የረቀቀ ስሌት አያስፈልግም። ቀኑ ማክሰኞ ከሆነ ያለፉት አራት ማክሰኞዎች ይታያሉ። 4,310፣ 4,120፣ 4,480 እና 4,250 ሽያጭ ከነበሩ አማካዩ 4,290 ነው፤ ዛሬ ከዚያ ግማሽ በታች ከወረደ ዝርዝሩ ተይዞ ሰው ይጠየቃል። ማክሰኞን ከእሑድ ጋር ማስተያየት አይገባም፤ የገበያው ጠባይ የተለያየ ነውና።

እዚህ ላይ የዚህን ፍተሻ ወሰን መናገር ተገቢ ነው። በግማሽ የወረደውን ይይዛል፤ በጥቂቱ የተቆረጠውን ግን አይይዝም። እንግሊዝ ውስጥ በ2020 መስከረም ማብቂያ ላይ፣ በእነርሱ አቆጣጠር ነው፣ ከላቦራቶሪዎች የመጣ የኮቪድ ውጤት በአሮጌው የኤክሴል ፋይል ዓይነት ውስጥ ሲያልፍ ፋይሉ ከ65,536 ረድፍ በላይ መያዝ ስለማይችል ትርፉ ተቆርጦ ቀረ። 15,841 በቫይረሱ የተያዙ ሰዎች ከዕለታዊው ቆጠራ ውጪ ሆኑ። ሰዎቹ ውጤታቸው ቢነገራቸውም፣ ከእነርሱ ጋር ንክኪ የነበራቸውን መፈለግ ግን ዘገየ። በየቀኑ የሚገባው ቁጥር ትልቅና እያደገ የሚሄድ ስለነበር ባዶን የሚፈልግ ፍተሻ እዚያ ቢቀመጥ ምንም አያይም ነበር። እንዲህ ላለው መፍትሔው ሌላ ነው፤ ላኪው “ይህን ያህል ረድፍ ልኬያለሁ” የሚል ቁጥር አብሮ ይልካል፤ ተቀባዩም ይህን ከደረሰው ጋር ያመሳክራል።

ተገቢው ሰው ማነው?

በብዙ ቢሮ ማስጠንቀቂያው የሚሄደው ኤክስትራክቱን ለጻፈው ባለሙያ ነው። ይህ ልማድ ከየት እንደመጣ ግልጽ ነው፤ ፕሮግራሙን ሲያዘጋጅ ኢሜይል የሚሞላበት ቦታ አገኘና የራሱን ሞላ። ነገር ግን በምሳሌያችን የእሱ ፕሮግራም ምንም አላጠፋም፤ ሊጠግነው የሚችለውም ነገር የለም። ከዓመት በኋላ ሥራ ቀይሮ ቢሄድ ደግሞ ማስጠንቀቂያው ማንም ወደማይከፍተው ሣጥን እየገባ ይከማቻል።

እኔ የማቀርበው ቅደም ተከተል ከዚህ የተለየ ነው። በመጀመሪያ ሊነገረው የሚገባው በባዶው ዝርዝር የሚሳሳተው ሰው ነው፤ እዚህ የመጋዘን ኃላፊዋ ናቸው። ሰርቨር መጠገን አይችሉም። ያን ጠዋት ጉዳቱን ማስቆም የሚችሉት ግን እርሳቸው ብቻ ናቸው። ወደ መደብሮቹ ደውለው ያለቀባቸውን መጠየቅ፣ ያለ ዝርዝርም ቢሆን ኢንሱሊኑን አስቀድመው መላክ ይችላሉ። ይህን እንዲያደርጉ የሚያስፈልጋቸው አንድ ነገር ማወቅ ነው፤ ዛሬ የመጣው ባዶ “የጎደለ የለም” ማለት አለመሆኑን። እንዲያውም ባዶው ፋይል ጨርሶ ባይደርሳቸው ይመረጣል። ፍተሻው ካልተሳካ ፋይሉ በመያዣ ቦታ ይቀራል፤ በምትኩ መልእክት ይሄዳል።

ሁለተኛው ሰው የሚመረጠው በኩዌሪዋ መልስ ነው። ሽያጩ ዜሮ ከሆነ የሚጠራው የአስገቢው ፕሮግራም ኃላፊ ነው። የጥቂት መደብሮች ሽያጭ ከቀረ የመደብሮቹን ኮምፒውተር የሚደግፈው ባለሙያ ይጠራል፤ ኃላፊዋም የትኞቹ መደብሮች እንደቀሩ በስም ይነገራቸዋል። ሁሉም ገብቶ ዝርዝሩ ብቻ ባዶ ከሆነ ግን ሌሊት የሚቀሰቀስ ሰው የለም። ጠዋት ለኃላፊዋ ጥያቄ ይቀርባል፤ “የ12ቱም መደብር ሽያጭ ተመርምሯል፤ የሚላክ አልተገኘም፤ ይህ ልክ ነው?” እርሳቸው “ልክ አይደለም” ካሉ ያኔ የኤክስትራክቱ ጸሐፊ ይጠራል፤ ምናልባት የዝቅተኛው መጠን ሰንጠረዥ ተነካክቶ ይሆናል።

ለኃላፊዋ የሚሄደው መልእክት የዳታቤዝ ቋንቋ መናገር የለበትም። እንዲህ ቢል ይበቃል፦

“የዛሬ ረቡዕ የመላኪያ ዝርዝር አልወጣም። የትናንት ማክሰኞ ሽያጭ ከ12ቱ መደብሮች አንዱም ወደ ዳታቤዙ ስላልገባ ነው። ይህ ማለት የጎደለ መድኃኒት የለም ማለት አይደለም። የሽያጭ አስገቢው ኃላፊ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ላይ ተጠርተዋል። እስከ 2 ሰዓት ዝርዝሩ ካልደረሰዎት እባክዎ ኢንሱሊንና ሌሎች አስቸኳይ መድኃኒቶችን ከመደብሮቹ በስልክ ጠይቀው ይላኩ። መልእክቱ እንደደረሰዎት ‘ደርሶኛል’ ብለው ይመልሱ።”

ለአስገቢው ኃላፊ የሚሄደው ሌላ ነው፤ የሥራው ስም፣ የተፈለገው ቀን፣ የተጠበቀውና የተገኘው ቁጥር፣ የመጨረሻው ሽያጭ የገባበት ሰዓት ይኖርበታል። አንዱን መልእክት ለሁለቱም መላክ ሁለቱንም አይጠቅምም።

ስለ ቴሌግራም ቡድን አንድ ነገር ልበል። ሠላሳ ሰው ያለበት ቡድን ውስጥ የገባ ማስጠንቀቂያን ሁሉም ያየዋል፤ ሁሉም ሌላው ሰው እየሠራበት ይመስለዋል። መልእክቱ ለአንድ ሰው ይሂድ፤ ያ ሰው በ20 ደቂቃ ውስጥ “ደርሶኛል” ካላለ ወደ ተተኪው ይለፍ፤ ለቡድኑ የሚነገረው ከዚያ በኋላ ነው። አድራሻውም በሰው ስም ሳይሆን በኃላፊነት ስም ይመዝገብ፤ ከእያንዳንዱ ኃላፊነት ጎንም በዚህ ወር ስልኩን የያዘው ሰው ይጻፍ።

ይህ ሁሉ ቀርቶ መልእክቱ ራሱ ባይደርስስ? ጥር 31 ቀን 2017 በአውሮፓውያን አቆጣጠር፣ የፕሮግራም ጸሐፊዎች ሥራቸውን የሚያስቀምጡበት ጊትላብ የተሰኘው አገልግሎት ላይ የደረሰው ይህን በደንብ ያሳያል። አንድ ባለሙያ በስህተት የዋናውን ዳታቤዝ ማኅደር ሰረዘ። በየ24 ሰዓቱ በ`pg_dump` ይወሰድ የነበረውን ቅጂ ሲፈልጉ ማስቀመጫው ባዶ ሆኖ ተገኘ። ዳታቤዙ 9.6 የተባለው ዕትም ሲሆን ቅጂ የሚወስደው ፕሮግራም ግን የ9.2 ስለነበር በስህተት ያቋርጥ ኖሯል። ይህን የሚያሳውቅ ኢሜይል በክሮን በኩል ይላክ ነበር፤ ሆኖም ኢሜይሎቹ የላኪውን ማንነት የሚያረጋግጠውን ፊርማ ስላልያዙ ተቀባዩ ሰርቨር አይቀበላቸውም ነበር። በአጋጣሚ ከስድስት ሰዓት ገደማ በፊት የተወሰደ ሌላ ቅጂ በመገኘቱ አብዛኛው መረጃ ተመለሰ፤ በመካከል የተሠራው ግን ጠፋ። ድርጅቱ ራሱ በይፋ ባወጣው ዘገባ ቅጂዎቹ በየጊዜው ያልተፈተሹት ለምን እንደሆነ ጠይቆ የሰጠው መልስ፣ ለሥራው ባለቤት የሆነ ሰው ስላልነበረ የሚል ነው።

ከዚህ የምንወስደው ተግባራዊ ነገር አለ። ማስጠንቀቂያ መምጣቱን ብቻ መጠበቅ አይበቃም፤ የመልካም ዜናም መምጣት መጠበቅ አለበት። ኤክስትራክቱ በትክክል ባበቃ ቁጥር በሌላ ማሽን ላይ ወዳለ ጠባቂ ምልክት ይልካል። ጠባቂው እስከ ሌሊቱ 11 ሰዓት ምልክቱ ካልደረሰው በራሱ ይጮኻል። ኤክስትራክቱ ቢሞት፣ ሰርቨሩ ቢጠፋ፣ ኢሜይሉ ቢታገድ፣ ያለመድረሱ ነገር ራሱ መልእክት ይሆናል። ጠባቂው ከኤክስትራክቱ ጋር አንድ ሰርቨር ላይ ከተቀመጠ ግን አብሮ ይጠፋል።

እውነተኛው ባዶም መናገር አለበት። የሚላክ በሌለበት ቀን ለኃላፊዋ ባዶ ፋይል ሳይሆን “ከ12 መደብሮች 4,310 ሽያጭ ተመርምሯል፤ ከዝቅተኛው መጠን በታች የወረደ የለም” የሚል አንድ መስመር ይድረሳቸው። ይህ ከተለመደ በኋላ ያ መስመር የሌለበት ባዶ ፋይል ሲመጣ ማንም ሳይነግራቸው ራሳቸው ይጠራጠራሉ።

በስንት ሰዓት?

ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ሰው መቀስቀስ ከባድ ነገር ነው፤ ብዙ ጊዜም አያስፈልግም። ሰዓቱ ወደ ኋላ ይቆጠር። መኪናው የሚጫነው ጠዋት 2 ሰዓት ነው። ዝርዝሩን እንደገና ለማውጣት 10 ደቂቃ፣ አስገቢውን ለመጠገን አንድ ሰዓት ቢፈጅ፣ ሰው መነገር ያለበት ቢዘገይ 12 ሰዓት ላይ ነው። ከ8 እስከ 11 ሰዓት ፕሮግራሙ በየ30 ደቂቃው ራሱ ይሞክር፤ መረጃው ዘግይቶ ከሆነ በዚህ መካከል ይገባል፤ ማንም አይረበሽም። በምሳሌያችንም 10 ሰዓት ተኩል ላይ በራሱ ይሳካ ነበር። ሆኖም ከአንድ ሙከራ በላይ መፈለጉ መመዝገብ አለበት፤ በየሌሊቱ በስድስተኛው ሙከራ የሚሳካ ሥራ ጤነኛ አይደለምና በቀን ሊጠየቅበት ይገባል።

በዓላትን በተመለከተ፣ መስቀል በየዓመቱ መስከረም 17 ስለሚውል አስቀድሞ ይመዘገባል። ፋሲካ ይዘዋወራል፤ ቢሆንም ቀድሞ ይታወቃል። ኢድ ግን ጨረቃ በመታየቷ ስለሚወሰን ቀኑ በዋዜማው ሊለወጥ ይችላል። ስለዚህ “ነገ መደብሮቹ ዝግ ናቸው” የሚለውን የሚያስገባው የኮምፒውተር ባለሙያው ሳይሆን መደብሮቹን የሚያስተዳድረው ሰው ይሁን፤ በቀላል ገጽ ላይ ቀኑን መርጦ ያጸድቃል። ያ ቀን ሽያጩ ዜሮ ቢሆን ሌሊት ማንም አይጠራም። ዝግ ተብሎ በተመዘገበ ቀን ሽያጭ ከገባ ግን ይጠየቃል።

መንገዱ በእርግጥ መሥራቱን የሚያሳየው ሙከራ ነው። ሽያጭ ሊኖርበት የማይችል ቀን፣ ለምሳሌ ገና ያልደረሰ ዓመት፣ ለኤክስትራክቱ ይሰጥና የማን ስልክ እንደሚጠራ ይታያል፦

```
psql -v run_date=2040-01-01 -f check.sql
```

መጀመሪያ በሥራ ሰዓት፣ ከዚያ ሳይነገር በሌሊት። የሚገኘው ብዙ ጊዜ የኩዌሪ ስህተት አይደለም፤ የተቀየረ ስልክ ቁጥር፣ ፈቃድ የወጣ ተተኪ፣ ድምፁ የታፈነ ቴሌግራም ነው።

ያለፉት ሌሊቶች

ስህተቱ ከታወቀ በኋላ አንድ ሥራ ብዙ ጊዜ ይረሳል። ሰዓቱ ተስተካክሎ የዓርብ ሌሊት ዝርዝር በትክክል ቢወጣም፣ ኤክስትራክቱ የሚያየው የአንድ ቀን ሽያጭ ብቻ ስለሆነ በማክሰኞ፣ በረቡዕና በሐሙስ ሽያጭ የጎደለው መድኃኒት በራሱ ተመልሶ አይመጣም። በዚያ ሳምንት ሌላ ያልተሸጠ፣ ግን ከዝቅተኛው መጠን በታች የቀረ መድኃኒት ሳይታይ ይቆያል። ለዚህ ነው ኩዌሪው “ትናንት” ብሎ ከማስላት ይልቅ ቀኑን ከውጭ እንዲቀበል ሆኖ መጻፍ ያለበት፤ ያለፈውን ማንኛውንም ሌሊት እንደገና ማስኬድ ይቻላልና።

የትኞቹ ሌሊቶች ባዶ እንደነበሩ ከማኅደሩ ይገኛል። ባዶ ፋይል የዓምድ ስም ብቻ ስለያዘ 42 ባይት ነው፤ ከ50 ባይት በታች የሆኑትን መፈለግ ይበቃል፦

```
find /data/out -name '*.csv' -size -50c
```

ሦስት ፋይል ብቻ ከተጠበቀበት ፍለጋ አሥራ አንድ ቢወጣ አይገርምም፤ ከወራት በፊት ማንም ሳያስተውል ያለፈ ባዶ ሌሊት አብሮ ይገኛል። ከእነዚህ ውስጥ በዓል የነበሩት ይለዩና የቀሩት በየቀናቸው ከጥሬው ሽያጭ ጋር ይመሳከራሉ። የቀናቱ ዝርዝርም በኮምፒውተር ክፍሉ መዝገብ ውስጥ አይቅር፤ ለመጋዘን ኃላፊዋ ይድረስ። በየትኛው መደብር የትኛው መድኃኒት በእነዚያ ቀናት አልቆ እንደነበር ከመደብሮቹ ጋር ተነጋግረው የሚያጣሩት እርሳቸው ናቸው።